የገበያ ሰዓት ማጣሪያ ምንድን ነው? ዋጋ አምጪ ስክሪፕት ቅዳሜ ለምን ይሳሳታል?

በሰዓቱ ራሱ ተነስቶ የአክሲዮን ዋጋ የሚያመጣ ስክሪፕት መጻፍ ከባድ አይደለም። ዋጋውን ከኤፒአይ ይጠይቃል፣ ዳታቤዝ ውስጥ ይጽፋል፣ በቃ። `cron` ላይ ሰዓቱን ታስቀምጡለታላችሁ፣ እሱም በየቀኑ ይሠራል። ችግሩ ያለው ኤፒአዩ ገበያው ሲዘጋ ዝም ስለማይል ነው። ቅዳሜ ብትጠይቁት የአርብን ዋጋ ይሰጣችኋል። እሁድም ያንኑ ይደግመዋል። ስህተት የሚል መልእክት የለም። ስክሪፕቱም ቁጥሩን ተቀብሎ የዕለቱን ቀን ይለጥፍበታል፣ ያልነበረ የግብይት ቀን ይፈጠራል።

የገበያ ሰዓት ማጣሪያ የምለው ይህንን የሚከለክሉትን ጥቂት የኮድ መስመሮች ነው። ስክሪፕቱ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ይጠይቃሉ፦ ገበያው ክፍት ነው? ዝግ ከሆነ፣ መጨረሻ የተዘጋው የትኛው ቀን ነው? የዚያ ቀን ዋጋስ ቀድሞ ተመዝግቧል?

የተደጋገመ ረድፍ ምን ይጎዳል? የአምስት ቀን አማካይ ዋጋ እናስላ። አንድ አክሲዮን ከሰኞ እስከ አርብ 98፣ 99፣ 100፣ 102 እና 110 ዶላር ላይ ዘጋ እንበል። አማካዩ 101.8 ነው። አሁን ስክሪፕቱ ቅዳሜና እሁድም ሠርቶ 110ን ሁለት ጊዜ ጻፈ። እሁድ ማታ ፕሮግራማችሁ የመጨረሻዎቹን አምስት ረድፎች ሲወስድ የሚያገኘው 100፣ 102፣ 110፣ 110፣ 110 ነው። አማካዩ 106.4 ሆነ። ዋጋው አልተነቃነቀም፣ አማካዩ ግን ወደ አምስት ዶላር ገደማ ዘለለ። በዚህ አማካይ ላይ «ግዛ» ወይም «ሽጥ» የሚል ማንቂያ ካሰራችሁ፣ ገበያው በተዘጋበት ቀን ይጮኻል። የዕለት ለውጥ የምትለኩም ከሆነ በየሳምንቱ ሁለት የዜሮ ቀኖች ይገቡባችኋል፣ አክሲዮኑም ከእውነቱ ይልቅ የተረጋጋ ይመስላል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ «እሺ፣ ቅዳሜና እሁድን `cron` ላይ አወጣለሁ» ይላል። ከዚህ በኋላ ያለው ነው እንግዲህ ዋናው ጣጣ፣ በተለይ ሰርቨሩ የአዲስ አበባን ሰዓት ይዞ ገበያው ኒው ዮርክ ሲሆን።

የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ መደበኛ ግብይት በራሱ ሰዓት አቆጣጠር ከ9:30 እስከ 16:00 ነው። አሜሪካ በመጋቢት ሁለተኛው እሁድ ሰዓቷን አንድ ወደ ፊት ታደርጋለች፣ በኅዳር የመጀመሪያው እሁድ ትመልሳለች፤ ሁለቱም በፈረንጆቹ ወር ነው። እኛ ሰዓት አንቀይርም። ስለዚህ በእነሱ በጋ ገበያው የሚዘጋው በእኛ ማታ 5 ሰዓት ነው፣ በክረምታቸው ደግሞ ልክ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ። ኮምፒውተሩ የመጀመሪያውን 23:00፣ ሁለተኛውን 00:00 ብሎ ነው የሚያነበው።

አንድ ሰው ስክሪፕቱን ግንቦት ላይ አዘጋጀ እንበል። ገበያው ከተዘጋ ከ15 ደቂቃ በኋላ፣ ከሰኞ እስከ አርብ በ23:15 እንዲሠራ ይህን ጻፈ፦

```
15 23 * * 1-5
```

የእነሱን በጋ ሙሉ ልክ ነው። ኅዳር ሲገባና አሜሪካ ሰዓቷን ስትመልስ ግን ያው 23:15 ኒው ዮርክ ላይ 15:15 ይሆናል። ገበያው ሊዘጋ ገና 45 ደቂቃ ይቀረዋል። ስክሪፕቱ በግብይት መሀል ያለን ዋጋ አንስቶ «የመዝጊያ ዋጋ» ብሎ ይጽፋል። ቁጥሩ ለትክክለኛው ቅርብ ስለሆነ ማንም አይጠረጥርም። እስከ መጋቢት ድረስ በየቀኑ እንዲህ ይቀጥላል። ከቅዳሜው ድግግሞሽ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም በዓይን አይታይም።

ሰውየው ነቅቶ ሰዓቱን ወደ 00:15 ቢያዞረውና `1-5` የሚለውን ባይነካው ሌላ ጉድ ይመጣል። የአርብ ገበያ የሚዘጋው ለቅዳሜ አጥቢያ ነው። ለእኛ ገና አርብ ሌሊት ቢሆንም ለ`cron` ቀኑ ቅዳሜ ገብቷል፣ ቅዳሜ ደግሞ ከዝርዝሩ ወጥቷል። የአርብ መዝጊያ በሰዓቱ አይያዝም። በተቃራኒው ሰኞ 00:15 ላይ ስክሪፕቱ ይነሳል፤ ኒው ዮርክ ላይ ገና እሁድ ከሰዓት ነው። ያኔ የአርብን ዋጋ ያገኝና የሰኞ ቀን ይለጥፍበታል። ከአዲስ አበባ ሆኖ ትክክለኛው ቀን ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ ነው፦

```
40 0 * * 2-6
```

ይህ በክረምታቸው 16:40፣ በበጋቸው 17:40 ላይ ይውላል። ሁለቱም ከመዝጊያው በኋላ ነው። 40 ደቂቃ የተውኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የመዝጊያ ዋጋ የሚወሰነው 16:00 ላይ በሚደረግ የመዝጊያ ጨረታ ስለሆነ ይፋ እስኪሆን ትንሽ ይቆያል። ነፃ የዋጋ ምንጮች ደግሞ ብዙውን ጊዜ 15 ደቂቃ ዘግይተው ነው የሚያሳዩት። 16:05 ላይ የጠየቀ ሰው የ15:50 ዋጋ ሊደርሰው ይችላል።

ቀኑ ቢስተካከልም በዓላት ይቀራሉ። የአሜሪካን መንግሥት የበዓል ዝርዝር ኮድ ውስጥ መገልበጥ አያዛልቅም፣ የገበያው ዝርዝር ከእሱ ይለያልና። የምዕራባውያኑ ስቅለት የፌዴራል በዓል አይደለም፣ የአክሲዮን ገበያው ግን ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ2026 ሚያዝያ 3 ላይ ነው፣ የእኛ ከሳምንት በኋላ። የአርበኞች ቀን ደግሞ የፌዴራል በዓል ሆኖ የአክሲዮን ገበያው ክፍት ነው። ከምስጋና ቀን ማግስት ያለው አርብ ግማሽ ቀን ነው፤ ገበያው 13:00 ላይ ይዘጋል። ስክሪፕታችሁ በየአምስት ደቂቃው እስከ 16:00 የሚሠራ ከሆነ፣ በዚያ ቀን ብቻ የማይነቃነቅ ዋጋ 36 ጊዜ ይጽፋል። በድንገት የሚዘጋበትም አለ። እ.ኤ.አ. ጥር 9 ቀን 2025 ለፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ብሔራዊ የሐዘን ቀን ተብሎ ገበያው ተዘግቷል። ይህ በማንም የዓመት ካሌንደር ላይ አስቀድሞ አልነበረም።

ስለዚህ `cron` ላይ ያለው ሰዓት ስክሪፕቱን መቀስቀሻ ብቻ ይሁን። ውሳኔው ስክሪፕቱ ውስጥ፣ በኒው ዮርክ ሰዓት ይሰጥ። በፓይተን `pandas_market_calendars` የሚባል ላይብረሪ በዓላቱንና ግማሽ ቀኖቹን ይዟል፦

```python
import pandas as pd
import pandas_market_calendars as mcal

now = pd.Timestamp.now(tz="America/New_York")
start = (now - pd.Timedelta(days=10)).date()
sched = mcal.get_calendar("NYSE").schedule(
    start_date=start, end_date=now.date())

ready = sched["market_close"] + pd.Timedelta(minutes=30)
session = sched[ready <= now].index[-1].date()
```

እዚህ ላይ «ዛሬ ገበያ አለ?» ብዬ አልጠየቅሁም። ያለፉትን አሥር ቀናት አይቼ፣ ከተዘጋ ቢያንስ 30 ደቂቃ የሞላውን የመጨረሻ የግብይት ቀን ነው የወሰድኩት። ልዩነቱ የሚታየው መብራት ሲጠፋ ነው። ሰርቨሩ ሌሊት ጠፍቶ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቢነሳና ስክሪፕቱን ያን ጊዜ ብታስኬዱት፣ ኒው ዮርክ ላይ ቀኑ ተቀይሯል። «ዛሬ» ብሎ የሚጠይቅ ኮድ «ገና ነው» ብሎ ይመለሳል፣ የትናንቱም ቀን ጎድሎ ይቀራል። ይህኛው ግን ትናንትን ያገኘዋል። ቅዳሜ ቢሠራ አርብን፣ በበዓል ቀን ቢሠራ ከበዓሉ በፊት ያለውን ቀን ይመልሳል።

የቀረው አጭር ነው። `session` ዳታቤዙ ውስጥ ካለ ስክሪፕቱ ምንም ሳይጠይቅ ይውጣ። ከሌለ ዋጋውን ያምጣና ከዋጋው ጋር የመጣውን ቀን ያስተያይ፤ ካልገጠመ አይጻፍ። ረድፉ ላይ የሚቀመጠው ቀን ሁልጊዜ `session` ነው፣ የሰርቨሩ ሰዓት አይደለም። በአክሲዮኑ ስምና በቀኑ ላይ ድግግሞሽ የሚከለክል ደንብ ዳታቤዙ ላይ ብታክሉበት ደግሞ ሌላ ስክሪፕት ቢሳሳትም ይመልሰዋል። ላይብረሪውን ማዘመን አትርሱ፤ እንደ ጥር 9ኙ ያለ ድንገተኛ ዝግ ቀን የሚገባው በአዲስ ቅጂ ነው። ካልዘመነ የምትድኑት በዚያ የቀን ማስተያየት ነው።

አንድ ወጥመድ ልጨምር። ኤፒአዩን የምትጠይቁት «የመጨረሻ ዋጋ» ሳይሆን የዚያን ቀን የመዝጊያ ዋጋ ይሁን። ከ16:00 በኋላ እስከ 20:00 ድረስ ከመደበኛው ውጭ ግብይት አለ። አንዳንድ ምንጮች «የመጨረሻ ዋጋ» ሲሉ ይህንንም ይጨምራሉ። አንድ ኩባንያ ገበያው እንደተዘጋ የሩብ ዓመት ውጤቱን ካወጣ፣ 17:40 ላይ የምታዩት ዋጋ ከመዝጊያው በብዙ ሊርቅ ይችላል።

ማጣሪያው የሚሠራው ለአንድ ገበያ ነው። የሳዑዲ ገበያ ከእሁድ እስከ ሐሙስ ይሠራል። ጎረቤቱ ዱባይ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ከሰኞ እስከ አርብ ነው። ክሪፕቶ ሌት ተቀን ክፍት ስለሆነ የቅዳሜ ረድፍ እዚያ ትክክለኛ ረድፍ ነው። አንድ ሰንጠረዥ ውስጥ የተለያዩ ገበያዎችን ካቀላቀላችሁ ካሌንደሩን በየአክሲዮኑ ገበያ ምረጡ።

እስከ ዛሬ ያለ ማጣሪያ የሰበሰባችሁት መረጃ ካለ፣ መጀመሪያ ቀኖቹን ከካሌንደሩ ጋር አስተያዩ። ካሌንደሩ ላይ የሌለ ቀን ያለው ረድፍ ሁሉ ትርፍ ነው። ከኅዳር እስከ መጋቢት ያሉትን የመዝጊያ ዋጋዎች ደግሞ ከሌላ ምንጭ የቀን ታሪክ ጋር አመሳክሩ፤ በጋቸው ገጥሞ ክረምታቸው በትንሽ በትንሹ ከተዛነፈ የሰዓት ለውጡ ነው። ሁለት ተከታታይ የግብይት ቀናት አንድ ዓይነት ዋጋ ስላላቸው ብቻ ግን አንዱን አትሰርዙ፣ በእውነትም ሊሆን ይችላል። የተሸጠውን የአክሲዮን ብዛት እዩ። ዋጋውም ብዛቱም እስከ መጨረሻው አሃዝ አንድ ከሆኑ፣ ሁለተኛው ረድፍ ግልባጭ ነው ማለት ይቻላል።