«የሐዘንተኛ ኩርፊያ» ምንድን ነው?

በቅርቡ በአንድ ውይይት ላይ የተናገሩ ሰው፣ አባቱ ለሞተበት ወዳጃቸው አራት መልእክት ልከው ምላሽ አጡ፤ ለአምስተኛው የመጣላቸው «ተወኝ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ሆነ። እሳቸውም ነገሩን «የሐዘንተኛ ኩርፊያ ነው፤ የቁጣ ደረጃውን እስኪጨርስ ትቼዋለሁ» ብለው ዘጉት፤ አዳማጩም በአዎንታ ተቀበላቸው። ሐዘን ከጸናባቸው ሰዎች ጋር ተቀምጦ መነጋገር እዚህ ድሬዳዋ የየቀን ሥራዬ ስለሆነ፣ ይህን አባባል ከሟች ቤተሰብ ወዳጆችና ዘመዶች አፍ በየጊዜው እሰማዋለሁ። በአንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ስሕተት ተሸክሟል፤ ለእኔ የበለጠ የሚከብደኝ ግን የመጀመሪያው፣ ማለትም «ኩርፊያ» የሚለው ቃል ነው።

ኩርፊያ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ያኮረፈ ሰው ዝም የሚለው ዝምታው እንዲሰማለት ነው፤ ፊቱን ሲያዞር እንኳ መዞሩ መታየቱን በዓይኑ ጥግ ይመለከታል። የሚፈልገውም ይታወቃል፦ አጥፊው እንዲጠይቀው፣ እንዲያባብለው፣ ነገሩ ከገፋም ሽማግሌ እንዲልክበት ነው። ስለዚህ ኩርፊያ በዝምታ የሚካሄድ ጭውውት ነው ማለት ይቻላል። ሐዘንተኛ ዝም ሲል ግን ለእርስዎ የሚያስተላልፈው ነገር የለውም፤ ስልኩን ያነሣል፣ መልእክቱን ያያል፣ ምን ብሎ እንደሚመልስ ሳያውቅ መልሶ ያስቀምጠዋል። አኩርፏል ብለው ካሰቡ «ምን አጠፋሁ?» ማለትዎ አይቀርም። ይህ ጥያቄ ደግሞ ሐዘንተኛውን ከራሱ ሐዘን አስነሥቶ የእርስዎን ቅሬታ እንዲያጽናና ያስገድደዋል።

ባህላችን ይህን ከእኛ ቀድሞ የተረዳው ይመስለኛል። ለቅሶ ቤት ስንሄድ ገብተን እንቀመጣለን፣ ንፍሮ ሲቀርብ እንዘግናለን፣ ስንነሣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብለን እንወጣለን። ያቺ ሐዘንተኛ ቀና ብላ ባታየን፣ አንድ ቃል ባትመልስልን፣ «አልመለሰችልኝም» ብሎ ቅር የሚለው ሰው የለም፤ የእኛ ድርሻ መቀመጥ ነበር፣ ተቀምጠናል። በከተማችን ለተዕዚያ የሚሄድም ሰው ዱዓ አድርጎ፣ ጥቂት ቆይቶ ይወጣል እንጂ ከቤቱ ባለቤት ንግግር አይጠብቅም። ስልክ ይህን ሥርዓት ገልብጦታል። መልእክት በባሕርዩ ምላሽ ይጠራል፤ የታየበትም ሰዓት ስለሚታወቅ «አይታ ነው ዝም ያለችኝ» ለሚል ክስ ማስረጃ ይሆናል። ድንኳኑ ውስጥ ሃምሳ ሰው ዝም ብሎ ሲቀመጥ እፎይታ የነበረው፣ ስልኩ ላይ ሃምሳ ሰው «እንዴት ነሽ?» ብሎ ሲጠይቅ ሃምሳ ያልተከፈለ ዕዳ ይሆናል። እንቅልፍ ያጣና ሐሳቡን መሰብሰብ ያቃተው ሰው ደግሞ የውርስ ወረቀትና የጡረታ ጉዳይ ይዞ ከቢሮ ቢሮ እየተመላለሰ ያንን ዕዳ ለመክፈል አቅም የለውም።

ስለ ቁጣው ደግሞ ከተማችንን አቋርጦ የሚያልፈውን የደቻቱን ወንዝ አስቡ። ደቻቱ ዓመቱን በአብዛኛው ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው በእግሩ ያቋርጠዋል። ጎርፉ ሲመጣ የሚመጣው ከተማው ላይ ከዘነበው ዝናብ ሳይሆን በደንገጎ በኩል ከደጋው ከወረደው ነው፤ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ከ200 በላይ ሰው ያለቀብን ሌሊትም እንዲሁ ነበር። (ምሳሌውን የምጠቀመው እየፈራሁ ነው፤ በዚያ ሌሊት ሰው ያጡ ቤተሰቦች አሉና በምክር ክፍል ውስጥ ከአፌ አላወጣውም።) የሐዘን ቁጣም ዝናቡ ሌላ ቦታ ዘንቦ እርስዎን በአሸዋው ላይ ቆመው የሚያገኝዎ ጎርፍ ነው። የሞተውን «ለምን ትተኸኝ ሄድክ?» ማለት ያስነውራል፤ ፈጣሪን መቆጣት ያስፈራል፤ «ትንሽ ቀደም ብዬ ሐኪም ቤት ብወስደው ኖሮ» እያሉ ራስን መቆጣትም ሌሊቱን ሙሉ ተደርጎ አላለቀም። የቀረው ወደ ታች ይወርዳል። ጎርፍ ሲመጣ ደግሞ ሰው መሐል ቆሞ «እኔ ምን አደረግሁህ?» አይልም፤ ወደ ዳር ይወጣል፤ ከተማውን ለቆ ግን አይሰደድም። ዝምታውንም በዚሁ ምሳሌ ማየት ይቻላል፦ አሸዋው ደረቀ ማለት ውሃ የለም ማለት አይደለም፤ ድሬዳዋ የምትጠጣው ከመሬት በታች የሚወጣ ውሃ አይደል?

ምሳሌው የሚያነክሰው አንድ ቦታ ላይ ነው። ጎርፍ ሰው አይመርጥም፣ የሐዘን ቁጣ ግን ይመርጣል። የሥራ አለቃዋን፣ የባሏን ታላቅ ወንድም፣ የዕድሩን ዳኛ በትሕትና «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» የምትል ሴት፣ ከልጅነት ጓደኛዋ ጋር ስትደርስ ትፈነዳለች፤ ምክንያቱም እዚያ ብትፈነዳ የምታጣው ነገር እንደሌለ ታምናለች። ስድቡ የደረሰው ሰው ይህን እንደ ክብር እንዲቆጥረው አልጠብቅም፤ አድራሻውን ግን በትክክል ቢያነበው ደስ ይለኛል።

«የቁጣ ደረጃ» የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። ቁጣ አንዱ የሆነባቸው አምስቱ የሐዘን ደረጃዎች የሚባሉት የሥነ አእምሮ ሐኪሟ ኤልሳቤጥ ኩብለር-ሮስ በ1969 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ሐሳብ ነው፤ የተነሡትም የማይድን ሕመም ይዟቸው ራሳቸው ሊሞቱ ከተቃረቡ ሕሙማን ጋር ካደረጉት ንግግር ነው እንጂ ሰው ከሞተባቸው ሰዎች አልነበረም። ሐዘንተኛ ከክፍል ወደ ክፍል እንደሚዛወር ተማሪ ቁጣን ጨርሶ ወደሚቀጥለው አይሄድም። አንዳንዱ ጭራሽ አይቆጣም፤ አንዳንዱ ሰባቱን በጸጥታ አሳልፎ በሰማንያው ይቆጣል። ስለዚህ «እስኪያልፍለት ትቼዋለሁ» ያለ ሰው የሚጠብቀው መቼም ላይመጣ የሚችል ቀን ነው።

አንድ ታሪክ ልዘርዝር፤ ባለታሪኮቹ እንዳይታወቁ ጥቂት ነገር ቀይሬበታለሁ። ባሏ በአጭር ሕመም የሞተባት የሁለት ልጆች እናት ነች። የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ሦስቱን ቀን ከድንኳኑ አልወጣችም፤ ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ግን ወደ ሥራዋ ተመልሳ በስልክ መጻፍ ጀመረች፦ በዐሥር ቀን ውስጥ ዐሥራ አራት መልእክት። «እንዴት አደርሽ?»፣ «በላሽ?»፣ «አንቺ ጠንካራ ነሽ»፣ «ለምን አትመልሺልኝም?»። በአንዱ ቀን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ መልሱ መጣ፦ «ባልሽ ጎንሽ ተኝቶ ነው በላሽ ወይ የምትዪኝ? ሁለተኛ እንዳትጽፊልኝ።»

ጓደኛዋ ወደ እኔ የመጣችው ምላሹን ረቂቅ አድርጋ ነው። ረቂቁ ረጅም ነበር፤ ሦስቱን ቀን እንዴት እንዳሳለፈች፣ ከቤቷ ምን ያህል ቡናና ስኳር እንደወሰደች፣ ባሏም ቀብሩ ላይ እንደነበረ ይተርካል። ሁሉም እውነት ነው፣ ሁሉም ግን የመከላከያ መልስ ነው፤ ከሳሽ በሌለበት። የመጣውን መልእክት አብረን መልሰን አነበብነው። የመጀመሪያው ግማሽ ወሬ ነው፦ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ነቅታለች፣ ጎኗ ያለው ቦታ ባዶ ነው። ሁለተኛው ግማሽ ጥያቄ ነው፦ መልስ መስጠት አልቻልኩምና መጠየቁን አቁሚልኝ። ስለ ጓደኝነታቸው የሚናገር አንድም ቃል የለበትም። በማግሥቱ ጠዋት የሄደው መልስ ይህ ነበር፦ «እውነትሽን ነው። ከእንግዲህ አልጠይቅሽም። ሐሙስ ጠዋት ሽሮ በር ላይ አስቀምጬ እሄዳለሁ፤ በሩን መክፈት አይጠበቅብሽም።»

ይህ መልስ የሠራው አጭር ስለሆነ ብቻ አይደለም። ራሱን አያስረዳም፤ ይቅርታ አይለምንም፤ ቀንና ነገር ይናገራል፤ ከሁሉ በላይ ግን ምላሽ የሚጠይቅ ቃል የለበትም። ድንኳን ውስጥ ዝም ብሎ መቀመጥን ወደ ስልክ መልሶ ማምጣት ማለት ይኸው ነው። ሐሙስ ዕለት ሽሮው በር ላይ ተቀመጠ፤ በሩ አልተከፈተም። በሚቀጥለውም ሐሙስ እንደዚሁ። የአርባው ዋዜማ ላይ አንድ መልእክት ብቻ ሄደ፦ «ነገ እመጣለሁ፣ ከኋላ እቀመጣለሁ።» መጣች፣ ከኋላ ተቀመጠች፣ ተመለሰች። በዘጠነኛው ሳምንት ከዚያ ስልክ «ሽሮው አልቋል» የሚል መልእክት ደረሳት።

አሁን ብዙ ሰው የማይወድልኝ ማሳሰቢያ ይከተላል። «በራሴ ላይ አልወስደውም» ማለት «ጥፋት የለብኝም» ማለት አይደለም። ቀብር ቀርተው ከሆነ፣ ለሕክምና የተበደሩትን ሳይመልሱ ሰውዬው ሞቶ ከሆነ፣ ወይም «ለበጎ ነው» ብለው ጽፈው ከሆነ ቁጣው በትክክለኛው አድራሻ ደርሷል፤ «ሐዘኑ ነው የሚያናግረው» ብሎ ማለፍም ሐዘንተኛን ሁለት ጊዜ መበደል ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ዝምታው ለሁሉም ሰው ከሆነ ሐዘን ነው፤ ለሌሎች እየመለሰ ለእርስዎ ብቻ ዝም ካለ ግን መጀመሪያ የራስዎን መልእክቶች ከላይ እስከ ታች ያንብቡ። ጥፋት ካገኙ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይቅርታ ይጠይቁ፤ ይቅር መባልዎን ግን አይጠይቁ። ባሏ የሞተባት ሙስሊም ጎረቤት ለአራት ወር ከዐሥር ቀን ዒዳዋን ስትጠብቅ ከቤት አለመውጣቷም ከእርስዎ መሸሽ እንዳልሆነ እግረ መንገዴን ላንሣ፤ ይህን ሳይቀር «ጠልታኝ ነው» ያለ ሰው አጋጥሞኛል።

ሌላው ማሳሰቢያ ስለ ጊዜ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ ከስድስት ወር በኋላ፣ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ደግሞ በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመዘኛ ለአዋቂ ሰው ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ሐዘኑ ሳይላላ የየቀን ኑሮን ካስቆመ የተራዘመ ሐዘን ብለው ሕክምና የሚገባው ሁኔታ አድርገው ይይዙታል፤ መራራ ቁጣም ከምልክቶቹ አንዱ ነው። ነገር ግን ቀን የማይቆጠርለት ነገርም አለ። «እኔም ልከተለው ነው»፣ «ልጆቹን አደራ» የሚል መልእክት ከመጣ፣ ወይም ብቻዋን የምትኖር ሴት በሩ ላይ የተቀመጠውን ምግብ ካላነሣች፣ ሐሙስን አይጠብቁ፤ «እንዳትመጣ» ተብለውም ቢሆን ያኔውኑ ይሂዱ፣ ጎረቤት ይጥሩ፣ ብቻዋን አይተዋት፣ ወደ ጤና ተቋምም አብረዋት ይሂዱ።