«አትጨነቂ፣ ይደርሳል» የሚባሉ ነገሮች፦ ከልደት እስከ 18 ወር የትኛው እውነት ነው?

«ዓመት ሞልቶት አልሄደም፣ የጎረቤት ልጅ በ10 ወሩ ነው የሄደው»

የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ጤነኛ ልጆችን ተከታትሎ በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት አለ፣ እዛ ላይ ብቻቸውን መሄድ የጀመሩት ከ8 ወር እስከ 17 ወር ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፣ ስለዚህ የጎረቤት ልጅም ያንቺም ልክ ናቸው። 18 ወር ሞልቶት ብቻውን ካልሄደ ግን ሐኪም ይየው። ሳይደገፍ መቀመጥ ደግሞ 9 ወር አካባቢ ላይ ካልመጣ ያኔውኑ ሂዱ፣ 18 ወር ድረስ ምን ይጠበቃል። ያለ ጊዜው የተወለደ ከሆነ ቀንሱለት፣ 2 ወር ቀድሞ የመጣ ልጅ 10 ወሩ ላይ የሚጠበቅበት የ8 ወር ልጅ ነገር ነው።

እኛ አገር ሲዘገይ ሪኬትስንም ማሰብ ያስፈልጋል። የ13 ወር ፀጋ እያልን ልጁን ጠቅልለን ቤት እናውለዋለን'ኮ፣ ከዛ ፀሐይ ስለማያገኝ ቫይታሚን ዲ ያንሰውና አጥንቱ ይለሰልሳል፣ ጡንቻው ይደክማል፣ የእጅ አንጓው ወፈር ይላል። ይሄ ሲታወቅ በመድኃኒት የሚስተካከል ነገር ነው።

«ሳይድህ ነው ተነስቶ የሄደው»

ምንም አይደል። በዛው ጥናት ከ100 ልጆች 4ቱ ገደማ በእጅና በጉልበት ድኸው አያውቁም። በቂጡ የሚንፏቀቅም አለ። እየዳኸ አንድ ጎኑን የሚጎትት ከሆነ ግን የሚቀጥለውን አንብቡ።

«ገና በ7 ወሩ ሁሉን ነገር በቀኙ ነው የሚይዘው፣ ጎበዝ»

ግራ እጅ ስለማይወደድ ልጁ በቀኙ ሲያነሳ ቤቱ ሁሉ ደስ ይለዋል፣ እኔ ግን በጣም የምፈራው ይሄንን ነው። ሕፃን ከዓመቱ በፊት ሁለቱንም እጁን እኩል ነው የሚጠቀመው፣ አንዱን ብቻ ከመረጠ ሌላኛው እየሠራ ላይሆን ይችላል።

የእህቴ ልጅ እንደዚህ ነበር። 8 ወሩ ላይ ቡና እየጠጣን ቁራሽ ዳቦ ሰጠሁት፣ በቀኙ ላፍ አደረገው። ሁለተኛውን በግራው በኩል ሳቀርብለት ቀኙን አሻግሮ ወሰደ። (ሕፃናት ላይ የምሠራ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ ቡና ላይም አልተውም።) ከዛ ቀኙን ቀስ ብዬ ያዝኩና ዳቦውን በግራው በኩል አቀረብኩለት፣ ልጁ እጁን በመዘርጋት ፋንታ በአፉ ሊይዘው ተንጠራራ። ግራ እጁ ጭብጥ ብሎ አውራ ጣቱ ውስጥ ገብቷል። እህቴን ዳይፐር ስትቀይሪለት እግሩስ ብላት፣ «ግራው ትንሽ ይገትርብኛል፣ ጠንካራ ስለሆነ ነው ብዬ» አለች። የጭንቅላት ምርመራው በቀኝ በኩል የቆየ ጉዳት አሳየ፣ የቀኝ አንጎል ጉዳት የግራውን ጎን ነው የሚያደክመው። ሥራው ደህናውን እጅ በየቀኑ ለተወሰነ ሰዓት ካልሲ አልብሶ በግራው ማጫወት ነበር፣ ያለቅሳል፣ ይናደዳል፣ አንዳንዴ እህቴም አብራው ታለቅሳለች። በ17 ወሩ ሄደ። ግራው አሁንም አጋዥ እጅ ነው፣ ግን ጠርሙስ ይይዝለታል ቀኙ ይከፍታል። አልዳነም፣ ግን የእጁ አጠቃቀም ሳይቀረፅ ስለተጀመረለት ጠቅሞታል።

ጭብጡን በ3 እና በ4 ወር መካከል መፍታት መጀመር አለበት። በዛ እድሜ አንዱ እጅ ብቻ ተጨብጦ ከቀረ አሳዩት።

«ወንድ ልጅ አፉ ቶሎ አይፈታም፣ አባቱም 3 ዓመቱ ላይ ነው ያወራው»

ወንዶች ትንሽ ይዘገያሉ፣ እሱ እውነት ነው፣ ልዩነቱ ግን ያን ያህል አይደለም። እኔ ከቃሉ በፊት ያለውን ነው የማየው፤ በዓመቱ ባባባ ዳዳዳ ይላል? ቻው ይላል? የፈለገውን በጣቱ ያሳያል? ይሄ ከሌለ ወይ 16 ወሩ ላይ አንድም ቃል ካላወጣ ያስመርምሩት፣ መጀመሪያ ጆሮውን። መስማት የማይችል ሕፃንም በመጀመሪያዎቹ ወራት ድምፅ ያወጣል፣ ስለዚህ ቤተሰብ ይሸወዳል፣ በር ሲመታ ደነገጠ ይላሉ፣ እሱ ግን የደነገጠው ንዝረቱን ተሰምቶት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማንኪያ አጋጭቶ ቤት ውስጥ መሞከር አያስተማምንም፣ በመሣሪያ ይታይ። ምላሱ ታስሯል ብሎ ለማስቆረጥ መሮጥም መልስ አይደለም፣ ባባባ የማይለውንና በጣቱ የማያሳየውን ልጅ ምላስ አይደለም የያዘው። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ሁለት ቋንቋ ልጅ አያዘገይም፣ የአማርኛውንም የእንግሊዝኛውንም ቃል ደምሩለት።

«እማማ ይል ነበር አሁን ተወ፣ ጥርስ እያወጣ ነው»

ጥርስ ምራቅ ያዝረከርካል፣ ያነጫንጫል፣ ቃል ግን አይነጥቅም። ያለው ነገር ከጠፋ፣ ቃልም ይሁን ቻው ማለት ወይ መቀመጥ፣ በየትኛውም እድሜ ወር አይጠበቅም፣ በዚሁ ሳምንት ውሰዱት። ሐኪም ፊት ሲደርስ ወይ ይተኛል ወይ ያለቅሳል፣ ስለዚህ ቤት ሲጫወት 2 ደቂቃ ቅረፁት፣ ስልካችሁ ላይ ያለውን የድሮውን እማማ የሚልበትን ቪዲዮም አትሰርዙ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አሳዩት።