የአጻጻፍ መመሪያ ምንድን ነው? ከሰዋስው መጽሐፍ ጋር አታምታቱት

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ «ትክክሉ ጐንደር ነው፤ ጎንደር ብሎ የሚጽፍ ቡድን መመሪያ የለውም ማለት ነው» ሲል አየሁ። ተመሳሳይ ክርክር ደጋግሞ ይነሣል፤ ስሕተቱም አንድ ነው። የአጻጻፍ መመሪያ የትኛው ፊደል ትክክል እንደሆነ የሚፈርድ ዳኛ አይደለም። ሁለት ተቀባይነት ያላቸው አማራጮች ሲኖሩ አብሮ የሚጽፍ ቡድን አንዱን መርጦ የያዘበት የውሳኔ መዝገብ ነው። አንድ ብቻ ትክክል የሆነበት ጉዳይ መዝገቡ ውስጥ መግባትም የለበትም፤ እሱን ሰዋስው ጨርሶታል።

ቅዳሜ ገበያ እህል የሚሰፈርበትን ጣሳ አስቡት። ጣሳው ትንሽ ወይም ትልቅ መሆኑ ሰው አያጣላም። የሚያጣላው ጠዋት በአንዱ፣ ከሰዓት በሌላው ሲሰፈር ነው። ጣሳው አንድ ሆኖም አንዱ ሻጭ ከምሮ፣ ሌላው ከአፉ እኩል አድርጎ ቢሰፍር ጠቡ አይቀርም። ስለዚህ መመሪያው የተመረጠውን ቃል ብቻ ጽፎ ቢተው ጣሳውን ሰጥቶ አሰፋፈሩን እንደ መደበቅ ነው። የማይመለከተውንም መናገር አለበት።

ጎንደርን ራሷን እንውሰድ። መዝገቡ ላይ እንዲህ ይሰፍራል፦ «ጎንደር እንጂ ጐንደር አንልም። ምክንያቱ፦ ጎ በሰባቱ ሆሄያት ውስጥ ስላለ ለመተየብ ይቀላል። የማይመለከተው፦ ከሌላ ጽሑፍ ቃል በቃል የተጠቀሰ ዐረፍተ ነገር፣ እንዲሁም የመጽሐፍና የድርጅት ስም ባለቤቱ እንደጻፈው።» ከሥሩ የተወሰነበት ቀን ይጻፋል። በቃ፣ ይኸው ነው። ጐ የሚመርጥ ቡድንም በራሱ ምክንያት እንዲሁ ቢጽፍ መመሪያው ሙሉ ነው።

ፊደሎቹ ለዓይን ቢቀራረቡም ለኮምፒውተር ፍጹም የተለያዩ ናቸው፤ ጎ U+130E፣ ጐ ደግሞ U+1310 ነው። «ጎንደር» ብሎ የፈለገ «ጐንደር»ን ላያገኝ ይችላል። የቆዩ ጽሑፎችን ለማስተካከል ስትፈልጉ «ሙሉ ቃል ብቻ» የሚለውን ምርጫ አጥፉት፤ አለዚያ የጐንደር፣ በጐንደርና ከጐንደር ያመልጣሉ። የመጨረሻዋን ፊደልም ጣሏትና «ጐንደ» ብላችሁ ፈልጉ። «ጐንደር» ብላችሁ ከፈለጋችሁ «ጐንደሬ» አይወጣም፤ ር ወደ ሬ ተለውጧልና።

ከዚህ ቀጥሎ ብዙዎች የሚፈተኑት ሠን ሁሉ በሰ፣ ፀን ሁሉ በጸ በአንድ ትእዛዝ ለመለወጥ ነው። አታድርጉት። በግእዝ ሠረቀ ማለት ወጣ (ለፀሐይ)፣ ሰረቀ ማለት ግን ወስዶ ሸሸ ነው። ስለ ደብረ ብርሃን ሥላሴ የጻፋችሁት ላይ የግእዝ ጥቅስ ካለ፣ ትእዛዙ ትርጉሙን አብሮ ሊያጠፋው ይችላል። ቃል በቃል ሂዱ። ታኅሣሥ ብቻ እንኳ ኅ በሦስት፣ ሣ በሁለት፣ ሥ በሁለት መንገድ ስለሚጻፉ አሥራ ሁለት ዓይነት መልክ ሊኖረው ይችላል። አንዱን ምረጡና አሥራ አንዱን ተዉ።

አንባቢንና ባለታሪክን እንዴት እንደምንጠራም ውሳኔ ይፈልጋል። አንባቢው «እርስዎ» ነው «እናንተ»? ፋሲለደስ ከተማዋን «መሠረቱ» ነው «መሠረተ»? ጽሑፉ አጋማሽ ላይ አንቱታው ከተቋረጠ፣ ንጉሡ በአንድ አንቀጽ ተከብረው በሚቀጥለው የተናቁ ይመስላል። ዓመተ ምሕረትም ያለ ምልክት አይቀመጥ። ፋሲል ግቢ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ1979 እ.ኤ.አ. ነው፤ «በ1979» ብቻ ከተባለ አንባቢው በኛ አቆጣጠር ይወስደዋል፤ በኛ ግን 1972 ዓ.ም. ነው። ለዐረፍተ ነገር መዝጊያም እውነተኛውን አራት ነጥብ (።) ተጠቀሙ። ሁለት ፡ ጎን ለጎን ቢተየቡ ለዓይን አራት ነጥብ ይመስላሉ እንጂ ለኮምፒውተር ሁለት ምልክቶች ናቸው።

ርእስ ላይ ከሌላ ቋንቋ መመሪያ የተቀዳ ደንብ የሚከሽፈው በግሳችን የተነሣ ነው። የአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ስልክ ደግሞ ረጅም ርእስን ከመጨረሻው ይቆርጣል። «ወደ ፋሲል መዋኛ የሚወስደው መንገድ በጥምቀት ሰሞን ለመኪና አይዘጋም» የሚል ርእስ «ለመኪና» ላይ ቢቆረጥ አንባቢው «ተዘጋ» ብሎ ይሞላዋል። «በጥምቀት የፋሲል መዋኛ መንገድ አይዘጋም» ካላችሁ አምስት ቃል ነው፤ አሉታውም ይታያል። ደንቡን «ከስድስት ቃል አይብለጥ፤ ሲታተም በስልክ ተከፍቶ ግሱ መታየቱ ይረጋገጥ» ብላችሁ ጻፉት።

ለአራት ሰው ቡድን ሁለት ገጽ ይበቃል። ለመጀመር የመጨረሻዎቹን አሥር ጽሑፎች አትሙና በሁለት መልክ የተጻፈውን ሁሉ አስምሩበት፤ መዝገቡ ከዚያ ይወጣል። ሁለት ሰው ካልተስማማ የሚወስነው አንድ ሰው አስቀድሞ ይሰየም። ውሳኔው በየስድስት ወሩ እንጂ በየጽሑፉ አይከፈት።