በጋዝ ወይስ በኋልዮሽ ግፊት? መሣሪያ ራሱን የሚያጎርስበት መንገድ

ማንኛውም መሣሪያ ሲተኮስ ወደኋላ ይገፋል። ስለዚህ ብዙ ሰው «በኋልዮሽ ግፊት የሚሠራ» ሲባል ክላሽንም ይጨምራል፤ ስህተት ነው። ዋናው ጥያቄ መዝጊያውን የሚከፍተው ኃይል ከየት ይመጣል የሚለው ነው።

ክላሽ የሚሠራው በጋዝ ነው። ጥይቱ በአፈሙዙ ውስጥ ሲያልፍ ከባሩዱ ጋዝ ጥቂቱ በትንሽ ቀዳዳ ወጥቶ ፒስተኑን ወደኋላ ይገፋል፤ ይህ እንቅስቃሴ መዝጊያውን አዙሮ ይከፍታል። አፈሙዙ ከቦታው አይነቃነቅም።

ኮልት 1911 ሽጉጥ ግን የጋዝ ፒስተን የለውም። ጥይቱ ወደፊት ሲወረወር እርስ በርስ የተቆላለፉት አፈሙዝና የላይኛው ተንሸራታች አካል አብረው ጥቂት ሚሊሜትር ወደኋላ ይሄዳሉ። ከዚያ የአፈሙዙ ኋላ ዝቅ ብሎ ይላቀቅና ይቆማል። ተንሸራታቹ ብቻውን ቀጥሎ ባዶውን ቀለህ ያስወጣል፤ ሞላው ወደፊት ሲመልሰው ደግሞ ከካዝናው አዲስ ጥይት ያጎርሳል።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ሽጉጡ ላልቶ ሲያዝ ነው። እጀታውም አብሮ ወደኋላ ስለሚሸሽ ተንሸራታቹ ጉዞውን ሳይጨርስ ሊመለስ ይችላል፤ ያን ጊዜ ባዶው ቀለህ መውጫው ላይ ተቀርቅሮ ይገኛል።