ኬሚካል ኢኩሊብሪየም ምንድን ነው?

አንድ ቴስት ቲዩብ አስቡ። ውስጡ ሐምራዊ ፈሳሽ አለ። ጠረጴዛ ላይ ብታስቀምጡት ከሰዓት በኋላም ያው ሐምራዊ ነው። ምንም ሲንቀሳቀስ አይታይም። ደብረ ማርቆስ ላይ ኬሚስትሪ ሳስተምር ይህን ምዕራፍ የምጀምረው ቲዩቡን ከፍ አድርጌ ይዤ ነው። "እዚህ ውስጥ ሪአክሽኑ አልቋል ወይስ እየሄደ ነው?" ብዬ እጠይቃለሁ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ "አልቋል ቲቸር!" ይላል።

አላለቀም። የምዕራፉ ነገር ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ፈሳሹ ኮባልት ክሎራይድ ነው፤ ውሃና ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ገብቶበታል። የኮባልት አዮን በስድስት የውሃ ሞለኪውሎች ሲከበብ ሮዝ ይሆናል። ውሃውን ለቆ አራት ክሎራይድ ሲይዝ ደግሞ ሰማያዊ ይሆናል።

```
Co(H2O)6^2+ + 4Cl^-  ⇌  CoCl4^2- + 6H2O
    (ሮዝ)                (ሰማያዊ)
```

ሐምራዊ ሆኖ የሚታየን ሮዙና ሰማያዊው ተደባልቀው ነው። ቀስቱ በሁለቱም በኩል የተሳለው ሪአክሽኑ በሁለቱም በኩል ስለሚሄድ ነው። በዚች ሰከንድ ስፍር ቁጥር የሌለው ሮዝ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል፤ በዚያችው ሰከንድ ያንኑ ያህል ሰማያዊ ወደ ሮዝ ይመለሳል። ኢኩሊብሪየም ማለት ይህ ነው፤ የመሄጃውና የመመለሻው ፍጥነት እኩል ሲሆን።

የሰርግ ቤት ይመስላል። የግቢው በር ተዘግቷል፤ የሚገባም የሚወጣም የለም። ዳሱ ውስጥ 200 ሰው፣ ቤት ውስጥ 50 ሰው አለ። በየደቂቃው 10 ሰው ከዳስ ወደ ቤት ይገባል፣ 10 ሰው ደግሞ ለጭፈራው ወደ ዳስ ይወጣል። ቆማችሁ ብትቆጥሩ ቁጥሩ ያው 200 እና 50 ነው። ፊቱ ግን ይቀያየራል። እኩል የሆነው የሚያልፈው ሰው ነው እንጂ ያለው ሰው አይደለም። ተማሪ ፈተና ላይ በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ "ኢኩሊብሪየም ላይ የሁለቱ ወገን መጠን እኩል ነው" ብሎ ይጽፋል። እንደዚያ የሚል ሕግ የለም።

አንዳንዶች የጣናን ሐይቅ በምሳሌነት ያነሳሉ። ግልገል አባይ ይገባል፣ አባይ ይወጣል፣ ሐይቁ ግን አለ። ምሳሌው ያምራል፣ ግን ሌላ ነገር ነው። የጣና ውሃ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ በኩል ይሄዳል፤ የወጣው አባይ ወደ ሐይቁ አይመለስም። ገባሮቹ ቢደርቁ ሚዛኑ ይፈርሳል። ኢኩሊብሪየም ግን በተዘጋ ዕቃ ውስጥ በሄዱበት መንገድ መመለስ ነው፤ ከውጭ የሚመግበው አይፈልግም።

አሁን ሚዛኑን እንነካካው። ሐምራዊው ቲዩብ ላይ ጥቂት አሲድ እንጨምር። አሲዱ ክሎራይድ ይዞ ይመጣል፤ ፈሳሹ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ለምን? ለዚህ አንድ ክፍልፋይ ይበቃናል፤ ቅንፉ ኮንሰንትሬሽን ማለት ነው፣ ውሃው ግን እጅግ ብዙ ስለሆነ መጠኑ ያልተለወጠ ያህል ተቆጥሮ አይጻፍም።

```
K = [CoCl4^2-] / ( [Co(H2O)6^2+] × [Cl^-]^4 )
```

ሙቀቱ እስካልተለወጠ ድረስ ይህ ክፍልፋይ ኢኩሊብሪየም ላይ ሁልጊዜ አንድ ቁጥር ይሰጣል፤ ያ ቁጥር K ነው። ገና ኢኩሊብሪየም ላይ ላልደረሰ ፈሳሽ የምናሰላውን ደግሞ Q እንለዋለን። የክሎራይዱን ኮንሰንትሬሽን ብቻ በአንዴ እጥፍ አደረግነው እንበል። ክሎራይዱ አራት ጊዜ በራሱ ስለሚባዛ ከታች ያለው ቁጥር 2×2×2×2፣ ማለትም 16 እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ Q የ K አንድ አሥራ ስድስተኛ ይሆናል። ወደ K ለመመለስ ላይኛው መብዛት፣ ታችኛው ማነስ አለበት። ሮዙ ይቀንሳል፣ ሰማያዊው ይበዛል።

አሁን ደግሞ ውሃ ጨምረን ፈሳሹን እጥፍ እናድርገው። የሁሉም ኮንሰንትሬሽን በግማሽ ይወርዳል። ላይኛው ግማሽ ሆነ። ታችኛው ግን ግማሽ ተባዝቶ አንድ አሥራ ስድስተኛ፣ ማለትም አንድ ሠላሳ ሁለተኛ ሆነ። Q አሁን የ K 16 እጥፍ ነው። ስለዚህ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ሮዝ ይሆናል። ቅጥነት ብቻ ቢሆን ሐምራዊው ፈዛዛ ሐምራዊ በሆነ ነበር። ቀለሙ ራሱ መለወጡ ሚዛኑ እንደዞረ ይነግረናል። በእውነተኛው ቲዩብ፣ አሲዱ ጠንካራ ከሆነ፣ ቁጥሩ ልክ 16 አይመጣም፤ አዮኖቹ ተጨናንቀው እርስ በርስ ስለሚነካኩ። አቅጣጫው ግን አይሳሳትም።

ፈረንሳዊው ኬሚስት አንሪ ለ ሻተሊዬ በ1884 እ.ኤ.አ. ያስቀመጠው መርህ ይህንኑ ይላል፤ ሚዛን ላይ ያለን ነገር ብትነካው፣ የነካኸውን ወደሚያቃልልበት በኩል ይዞራል። "ያቃልላል" የሚለውን ቃል ልብ በሉ። የጨመርነው ክሎራይድ ከፊሉ ይበላል እንጂ ሁሉም አይጠፋም። በአዲሱ ሚዛን ላይ ክሎራይዱ ከድሮው ይበልጣል።

የሙቀቱ ጉዳይ ለየት ይላል፤ እኔ ደግሞ የምወደው ይህን ክፍል ነው። ከሮዝ ወደ ሰማያዊ መሄድ ሙቀት ይወስዳል፤ መመለሱ ሙቀት ይለቃል። ሐምራዊውን ቲዩብ የሞቀ ውሃ ውስጥ ስንነክረው ሙቀት ወደሚወስደው በኩል ይዞራል፤ ዓይናችን እያየ ሰማያዊ ይሆናል። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ሮዝ ይሆናል። ምንም አልጨመርንም፣ ምንም አልቀነስንም። የተለወጠው K ራሱ ነው። ክሎራይድ ስንጨምር Q ከ K ራቀ፤ ስናሞቅ ግን K ከ Q ራቀ። በሁለቱም ፈሳሹ የሚያደርገው አንድ ነው፤ Q ን እንደገና ከ K ጋር ማገናኘት። ሙቀት የሚለቅ ሪአክሽን ቢሆን ኖሮ ሲሞቅ ወደ ኋላ ይዞር ነበር። ስለዚህ አቅጣጫ ከመገመታችሁ በፊት የቱ በኩል ሙቀት እንደሚወስድ ማወቅ አለባችሁ።

ይህን የምትሠሩ መምህራን ካላችሁ፣ የሚያበላሸው የአሲዱ መጠን ነው። ከበዛ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥም ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። ካነሰ የፈላ ውሃም አይለውጠውም። አሲዱን በጠብታ ጨምሩ፤ ሐምራዊ ሲሆን አቁሙ፤ ካለፋችሁ በውሃ ጠብታ መልሱት። ጠንካራ አሲድ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ራሱ ይሞቃል፤ ሰማያዊው የክሎራይዱ ይሁን የሙቀቱ ለመለየት ቲዩቡ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ጭሱ ስለሚያፍን መስኮት ይከፈት። ኮባልት መርዝ ስለሆነ ጓንት ይደረግ፤ ፈሳሹም ደጅ አይደፋ፣ በጠርሙስ ይቀመጥ።

እኔ አንዱን ቲዩብ በደንብ ከድኜ መስኮቱ ጋ አስቀምጠዋለሁ። ማርቆስ ጠዋት ብርድ ነው፤ ተማሪዎቹ ሲገቡ ወደ ሮዝ ያደላ ሐምራዊ ያገኙታል። ፀሐይዋ መስኮቱን ስትመታው ወደ ሰማያዊ ያደላል። በማግስቱ ጠዋት ተመልሶ ሮዝማ ነው። ክዳኑን የነካው የለም።