ሪቴንሽን ምንድን ነው? ሰው ታምኔሉን ነክቶ ገብቶ በሦስት ሰከንድ ለምን ይወጣል

ሪቴንሽን ማለት ባጭሩ ቪዲዮህን ከከፈቱት ሰዎች ውስጥ በየሰከንዱ ስንቱ አብሮህ እንዳለ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ዩቲዩብ ስቱዲዮ ገብተህ አንዱን ቪዲዮ ከፍተህ አናሊቲክስ ስትል የሚመጣው ያ ወደታች የሚወርደው መስመር እሱ ነው። ሁሉም ሰው ላይ ይወርዳል፣ የኔ ብቻ ነው ብለህ አትደንግጥ፣ መጀመሪያ ላይ የማይወርድ መስመር አላየሁም። መታየት ያለበት የት ጋ መውረዱን አቁሞ እንደሚረጋ ነው።

ይሄን በደንብ የገባኝ ያምናውን የጥምቀት ቪዲዮ ከጫንኩ በኋላ ነው። እዚህ ጎንደር ጥር 11 ጠዋት ፋሲል መዋኛ ጋ ባህረ ጥምቀቱ ተባርኮ ሲያልቅ ልጆቹ ከግንቡ ላይ ወደ ውሃው እየዘለሉ ይገባሉ፣ እኔም አንዱን ልጅ አየር ላይ እንዳለ እጁን ዘርግቶ ቀርጬዋለሁ፣ ውሃው ከስሩ፣ ህዝቡ ከኋላው። ታምኔሉ፣ ማለትም ቪዲዮው ሳይከፈት የሚታየው ስዕል፣ እሱ ሆነ። ሰውም ነካው፣ ከ100 ሰው 7ቱ። ይሄ ጥሩ ነው፣ ዩቲዩብ ራሱ እንደሚለው ግማሾቹ ቻናሎች ከ2 እስከ 10 ፐርሰንት መሀል ነው ያሉት፣ የኔ ቻናል ደግሞ ብዙ ጊዜ 4 ላይ ነበር። ግን 30ኛው ሰከንድ ላይ የቀረው 31 ፐርሰንት ብቻ ነበር። ከገቡት ሰዎች ሁለት ሦስተኛው ገና ምንም ሳያዩ ወጥተዋል ማለት ነው።

ለምን እንደሆነ ግራፉ ሳይሆን አክስቴ ናቸው ያሳዩኝ። አዘዞ ቤታቸው ቡና እየተፈላ ስልካቸውን ይዘው ዩቲዩብ ያያሉ፣ የኔ ቪዲዮ መጣላቸው፣ የኔ እንደሆነ አላወቁም፣ ልጁን አይተው «ውይ የኛ ጥምቀት» ብለው ነኩት። ቪዲዮው የሚጀምረው በሎጎ ነው፣ ጥቁር ስክሪን ላይ የሚሽከረከር የቻናሉ ስም በሙዚቃ፣ 6 ሰከንድ። ሎጎው ገና ሳያልቅ አውራ ጣታቸው ወደኋላ መለሰው። «እትዬ ለምን ዘጉት?» አልኳቸው። «ማስታወቂያ ነው ልጄ፣ ካርዴን ይበላብኛል» አሉኝ።

ነገሩ እዚህ ጋ ነው ያለው። ታምኔል ቃል መግባት ነው፣ ይሄን ታያለህ ብለህ ለሰውየው ነግረኸዋል። ሲነካው አይኑ ላይ ያ ስዕል ገና አለ፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰከንዶች ስራ ደግሞ «አዎ ትክክለኛው ቦታ ነው የመጣኸው» ማለት ብቻ ነው። ስዕሉ ላይ ፀሐይ፣ ውሃና ሰው አይቶ ሲገባ ጥቁር ስክሪንና ሙዚቃ ካጋጠመው፣ ወይ ማስታወቂያ ነው ብሎ ያስባል ወይ ተሸወድኩ ይላል፣ ሁለቱም ያስወጡታል። ሦስት የሚለው ቁጥር ራሱ ህግ አይደለም በነገራችን ላይ፣ ስቱዲዮ ላይ ጎልቶ የሚመጣልህ የ30 ሰከንዱ ነው፣ ግን የ30ው ውጤት አብዛኛው እነዚያ የመጀመሪያዎቹ ላይ ይወሰናል።

ከሎጎው በኋላስ ምን ነበር? «ሰላም ጤና ይስጥልኝ ውድ የቻናላችን ቤተሰቦች፣ ሰብስክራይብ ላላደረጋችሁ...» እያልኩ እስከ 22ኛው ሰከንድ። ሰላምታ ባህላችን ነው፣ ሳይሰጡ መግባት ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ግን ሰላምታውን ቪዲዮው ከጀመረ በኋላ ልጆቹ እየታዩ ከስር በድምፅ ማለት ይቻላል፣ ማንም አይቀየምህም።

ግራፉ ላይ ሌላም ነገር ነበር። መስመሩ ወርዶ ወርዶ 4 ደቂቃ ከ10 ላይ ድንገት ብቅ ይላል። ያ ሰዓት ልጁ የዘለለበት ነው። ሰው ታምኔሉ ላይ ያየውን ፍለጋ በጣቱ እየገፋ እዚያ ጋ ደርሷል ማለት ነው። እንዲህ አይነት ጉብታ ካየህ ታምኔልህ ውሸት አልነበረም፣ የዘገየ ነው እንጂ። ጭራሽ ቪዲዮው ውስጥ የሌለ ነገር ታምኔል ላይ ከለጠፍክ ግን ጉብታ የሚባል አይኖርም፣ ዝም ብሎ ይወርዳል።

እንግዲህ ዩቲዩብ ላይ አንዴ የተጫነን ቪዲዮ ሊንኩን ሳትቀይር በሌላ ፋይል መተካት አይቻልም። መቁረጥ ግን ይቻላል፣ ስቱዲዮ ውስጥ ኤዲተሩ ላይ Trim & cut የሚል አለ፣ ሰርቶ እስኪጨርስ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል እንጂ ቪዲዮው ከነቪውው ይቀመጣል። የመጀመሪያውን 22 ሰከንድ ቆረጥኩት። ዝላዩን ከ4 ደቂቃ ወደ ፊት ማምጣት አልቻልኩም ምክንያቱም እዚያ ላይ ቦታ ማቀያየር የለም፣ ስለዚህ ታምኔሉን ወደ መጀመሪያው ማምጣት ነበረብኝ። ከተቆረጠ በኋላ ቪዲዮው የሚጀምረው ልጆቹ ግንቡ ላይ፣ ያ የዛፍ ስር ያቀፈው ድንጋይ ላይ ተደርድረው ውሃውን ቁልቁል እያዩ ሲጠብቁ ነው። እሱኑ አድርጌ ታምኔል አወጣሁት፣ የሦስቱን ፊት ቀረብ አድርጌ።

የሚነካው ሰው ከ7 ወደ 5 ወረደ። እውነቱን ለመናገር ቅር አለኝ። 30ኛው ሰከንድ ላይ የሚቀረው ግን 54 ሆነ። አሁን አስላው፣ ስዕሉ ለ1000 ሰው ቢታይ መጀመሪያ 70 ገብቶ 22 ያህል ይቀር ነበር፣ አሁን 50 ገብቶ 27 ይቀራል። የገባው አንሶ የሚያየው በዛ። ዩቲዩብ ደግሞ ከ2012 ጀምሮ ከቪው ቁጥር ይልቅ ሰው ቁጭ ብሎ ያየውን ጊዜ ነው የሚያስቀድመው፣ አሁን ሦስት ታምኔል አስገብተህ እንድታወዳድር የሚፈቅደው ነገር እንኳ አሸናፊውን የሚመርጠው በነኩት ሰዎች ብዛት አይደለም፣ በታየው ሰዓት ነው።

እንዲህ ስታወዳድር ግን አንድ ነገር ተጠንቀቅ፣ በመጀመሪያው ቀን የሚያዩህ የቻናልህ ቤተሰቦች ናቸው፣ ቶሎ ይነካሉ፣ ቶሎም አይወጡም። ቪዲዮው ወደማያውቁህ ሰዎች ሲሰራጭ ሁለቱም ቁጥር ይወርዳል፣ ታምኔልህ ስለተበላሸ አይደለም። እኔም ለዚህ ነው የመጀመሪያውን ሳምንት ትቼ ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት ያነፃፀርኩት።

ታምኔሉ ላይ ስለሚፃፍ ፅሁፍ ደግሞ፣ ፊደላችን ሲያንስ ይደባለቃል። ሰ እና ሸ፣ ነ እና ኘ፣ ተ እና ቸ የሚለያቸው ከላይ ያለች ጭረት ናት፣ ስልክ ላይ ስዕሉ ክብሪት ቤት ሲያክል ያቺ ጭረት ትጠፋለች። ሁለት ሦስት ቃል በወፍራሙ ይበቃል፣ ቀኝ ታች ጥግ ላይ ደግሞ ምንም አትፃፍ ምክንያቱም የቪዲዮው ርዝመት የሚፃፍበት ሳጥን ይሸፍነዋል።

ቲክቶክና ሾርትስ ላይ ነገሩ ይቀየራል። እዚያ ሰው ስክሮል እያደረገ ስለሚደርስብህ ነክቶ የሚገባበት ታምኔል የለም፣ የመጀመሪያዋ ፍሬም ራሷ ታምኔል ናት። ስለዚህ ለዚያ ስቆርጠው የምጀምረው ልጁ እግሩ ከድንጋዩ ሊለቅ ሲል ነው፣ አየር ላይ ሲሆን እንኳ አይደለም፣ ምክንያቱም ሊለቅ ሲል ያየ ሰው ውሃው ውስጥ ሲገባ ሳያይ አያልፍም። ፌስቡክ ላይ ደግሞ ጨረፍ አድርጎ ያለፈውንም ሰው ቪው ብሎ ስለሚቆጥር ቁጥሩ ትልቅ ሆኖ ብታየው ሰው አይቶልኛል ማለት አይደለም፣ ብዙ ጊዜም ድምፁ ተዘግቶ ነው የሚጀምረው፣ ስለዚህ ያለ ድምፅ የማይገባ መግቢያ እዚያ አይሰራም።

አክስቴ ጋ ከሳምንታት በኋላ ቪዲዮውን ደግሜ ከፈትኩላቸው። ልጆቹ ግንቡ ላይ ተደርድረው ሲያዩ «የማን ልጅ ነው ይሄ ዳር ያለው፣ ይወድቃል እኮ» አሉና ስልኩን ከእጄ ወሰዱት።