የስም ሙከራ ምንድን ነው? ለምንስ ድምፅ መሰብሰብ አይደለም?

«ለአዲሱ የጁስ ድርጅታችን አምስት ስሞች በቴሌግራም አቅርበን ብዙ ሰው ድምፅ ሰጥቶበታል፤ ስሙ ተሞክሮ የተመረጠ ነው።» ይህን የመሰለ ዓረፍተ ነገር ባየሁ ቁጥር ዝም ብዬ አልፍ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ አስተያየት ሰጪ «ደንበኛ መርጧል፤ ከዚህ በላይ ምን ሙከራ አለ?» ብሎ ሲጽፍ፣ ከሥሩም ብዙዎች ሲስማሙለት አይቼ ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ። ድምፅ መስጠት ሙከራ አይደለም። ደካማ ሙከራ እንኳ አይደለም፤ የሚጠይቀው ጥያቄ ሌላ ነው።

ድምፅ መስጫ የሚጠይቀው «የትኛውን ወደድህ?» ብሎ ነው። የስም ሙከራ የሚጠይቀው ስሙ ሥራውን ይሠራ እንደሆነ ነው። የጁስ ስም ሥራው ደግሞ የታወቀ ነው፤ በጫጫታ መካከል ተጠርቶ በትክክል መሰማት፣ በማግስቱ መታወስ፣ ከሌላ ዕቃ ጋር አለመምታታት፣ ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ነገር እንጂ የሌለውን አለማስጠበቅ። ለዚህ ሁሉ መወደድ ግዴታ አይደለም።

ገበያ ወጥታ ጀበና የምትገዛ ሴት ምን እንደምታደርግ አስቡ። መልኩን አይታ ብቻ አትከፍልም። አንሥታ በጣቷ ታንኳኳዋለች፤ ድምፁ ከደነዘዘ ስንጥቅ አለበት። ቤት ወስዳም ውኃ ሞልታ ያፈስስ እንደሆነ ታያለች፤ በመጨረሻ እሳት ላይ ትጥደዋለች። ስምም እንዲሁ ነው። ማንኳኳቱ ስሙን ጮክ ብሎ መጥራት ነው። ውኃ መሙላቱ ትርጉሙ ወዳልታሰበ ቦታ ይፈስስ እንደሆነ ማየት ነው። እሳቱ ሱቁ ነው። በቴሌግራም የሚሰጥ ድምፅ ጀበናውን በፎቶግራፍ አይቶ «ያምራል» እንደማለት ነው፤ ፎቶግራፍ አያፈስስም።

ይህን በአንድ ጉዳይ ላሳይ። ስሙ ስለተተወ ባለቤቶቹ እንድጠቅሰው ፈቅደውልኛል። ለልጆች ምሳ ዕቃ የሚሆን የማንጎና የአናናስ ጁስ በትንሽ ጠርሙስ ሊያወጡ የተዘጋጁ ወጣቶች ወደ እኔ ሲመጡ ድምፅ መስጫው ተጠናቅቆ «ጠል» አሸንፎ ነበር። የጠርሙሱን ተለጣፊ ሊያሳትሙ ጥቂት ቀናት ቀርቷቸዋል። ስሙ ያምራል፤ አልዋሽም። ጤዛን የሚገልጽ የቆየ ቃል ነው፤ ንጽሕናና ማለዳ ያስታውሳል፤ በዕብራይስጥ እንኳ የቅርብ ዘመዱ አለ። የመረጡት ሰዎች የባለቤቶቹ ጓደኞችና የትምህርት ቤት ባልንጀሮች ናቸው፤ ቃሉን ስልካቸው ላይ በጸጥታ አንብበው ወደዱት።

ጠርሙሱን የምትገዛው እናት ግን ስሙን አታነብበውም፤ ትጠራዋለች። በሱፐርማርኬት ዕቃ በእጅ ይነሣል። በሰፈር ሱቅ ግን ዕቃው ከባንኮኒው ወዲያ ስለሆነ በአፍ ይጠየቃል። ስለዚህ ከአንድ ባለሱቅ ጋር ተስማምተን ጥቂት ጠርሙሶችን መደርደሪያ ላይ አስቀመጥንና ሸቀጥ የሚያቀብለው ልጅ አዲስ ጁስ እንደገባ ብቻ ተነገረው። ታክሲዎች በሚበዙበት ሰዓት፣ ረዳቶች «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ» እያሉ ሲጣሩ፣ ሙከራውን ለማገዝ የመጣች አንዲት እናት ከመንገዱ ዳር ቆማ «አንድ ጠል ስጠኝ» አለች። ልጁ «ምን?» አላት። «ጠል» ብላ ደገመችለት። «ጠላ እኛ ጋ የለም» አላት።

በዚያው ሰዓት የመጡት ሌሎች ሁለት እናቶችም ተመሳሳይ መልስ ሰሙ። ለልጅ ምሳ ዕቃ ጁስ የሚፈልግ ሰው ጠላ ጠይቆ መታየት አይፈልግም፤ አንድ ጊዜ ካፈረ ሁለተኛ ጊዜ በጣቱ «ያንን ቢጫውን» ብሎ ይጠቁማል እንጂ ስሙን አይጠራም። ስም የማይጠራ ከሆነ ደግሞ ከአፍ ወደ አፍ አይሄድም።

የባሰው ግን ቀጥሎ መጣ። አማርኛ ስምን እንዳለ አይተወውም፤ ቅጥያ ይለጥፍበታል። ደንበኛ «ጠሉ አለ?»፣ «ጠሉን አምጣልኝ» ይላል። «ጠሉ» ብሎ ማለት ሰዎች ጠሉ ማለት ነው፤ «ጠሉን» ደግሞ እኛን ጠሉን። ባለቤቶቹ ይህን ስነግራቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ፤ ለወራት ሲጽፉት የነበረው ስም ሁልጊዜ ያለ ቅጥያ ነበርና ማንም አላስተዋለውም። ስለዚህ በአማርኛ ስም የሚሞክር ሰው ስሙን ብቻውን ሳይሆን በ«ኡ»፣ በ«ን»፣ በ«ኦች» እያረባ ማሰማት አለበት። ለሌላ ቋንቋ ከተዘጋጁ መመሪያዎች ይህን ማግኘት ስለሚያስቸግር በአገራችን በብዛት የሚዘለለው ደረጃ ይኸው ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ስሙ ከስልክ ቁጥር ፊት የሚቀመጠውን አሕጽሮት መስሎ ታየ፤ እሱን ግን ማስተካከል ይቻል ነበር።

አስተያየት ሰጪው እዚህ ላይ «ሰው ይለምደዋል» እንደሚል አውቃለሁ። ከፊሉ እውነት ነው። በየቀኑ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ የሚጠራ ስም፣ ቢከብድም፣ ይለመዳል። ማስታወቂያ የሚያስነግር ገንዘብ የሌለው ጀማሪ ድርጅት ግን ማላመጃው ደንበኛው ራሱ ነው፤ ደንበኛው ደግሞ ያሳፈረውን ስም አይደጋግምም።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚሉም አሉ። ለልጅ ይሁን፤ ልጅን ከጎረቤት ልጅ ጋር በባንኮኒ ላይ አወዳድሮ የሚገዛ የለም።

ሌላው የድምፅ መስጫ ጉድለት አምስቱን ስሞች ጎን ለጎን ማሳየቱ ነው። በገበያ ላይ ማንም ሰው የእናንተን ስም እናንተ ከጣላችኋቸው አራት ስሞች ጋር አያወዳድርም። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ቅኔ ያለው ስም ሁልጊዜ ይበልጣል። ስለዚህ አንድ ሰው አንድ ስም ብቻ ይሰማል። ለእያንዳንዱ ስም ከ12 እስከ 15 እውነተኛ ገዥዎች፣ በእኛ ጉዳይ ምሳ ዕቃ የሚያዘጋጁ እናቶችና አባቶች፣ ይበቃሉ። ስሙን በስልክ በዓረፍተ ነገር ውስጥ አሰማቸዋለሁ፤ የሰሙትን እንዲጽፉ እጠይቃለሁ። በማግስቱ እደውልና ምንም ፍንጭ ሳልሰጥ «ትናንት የነገርሁሽ ጁስ ማን ይባላል?» እላለሁ። አፋን ኦሮሞ ወይም ሌላ ቋንቋ አፉን የፈታበት ገዥም ከመካከላቸው መኖር አለበት፤ የአዲስ አበባ ሱቅ ደንበኛ ሁሉ በአማርኛ አያስብም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ ከ15 ሰዎች 4ቱ ቢሳሳቱ «27 በመቶው ደንበኛ ይሳሳታል» ማለት አይደለም። እንዲህ ያለ አነስተኛ ሙከራ ስንጥቁ መኖሩን ይናገራል እንጂ ርዝመቱን አይለካም። በመቶኛ የተሞላ ሪፖርት የሚያቀርብላችሁ ሰው ካለ ስንት ሰው እንደጠየቀ አስቀድማችሁ ጠይቁት።

ብዙ ጊዜ የሚጠቀስብኝ የእንግሊዙ የ«ኢኖሰንት» ታሪክ ነው። መሥራቾቹ በ1998 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በለንደን አንድ የሙዚቃ ዝግጅት ላይ የፍራፍሬ መጠጣቸውን ሸጡ፤ ሥራችንን ለቅቀን ይህን እንሥራ ወይ ብለው «አዎ» እና «አይ» የሚሉ ሁለት የቆሻሻ ማጠራቀሚያዎች አቆሙ። ሰው ባዶ ጠርሙሱን ወደ አንዱ ይጥል ነበር። «አዩ? በድምፅ ነው የጀመሩት» ይሉኛል። ነገር ግን ድምፁን የሰጠው ጠጥቶ የጨረሰ ሰው ነው፤ የተጠየቀውም ስለ መጠጡ ነው። ስለ ስሙ ማንም አልተጠየቀም። እንዲያውም ታሪኩ የእኔን ነገር ያጠናክራል፤ እነሱ እንኳ ያስጠጡት ፎቶግራፍ አይደለም።

«ጠል» ሲወድቅ በድምፅ መስጫው ሁለተኛ የወጣውን «ዘለላ» ሞከርን። ጥሩ ተሰማ፤ በትክክል ተጻፈ፤ በማግስቱም ታወሰ፤ ቅጥያም አያበላሸውም። ያፈሰሰው ሌላ ቦታ ነው። ምንም ሳንነግራቸው «ዘለላ የሚባል መጠጥ ከምን የተሠራ ይመስልሃል?» ስንል አብዛኞቹ ያለ ማመንታት «ከወይን» አሉ። አንዲት እናት እንዲያውም «ለልጅ ይሆናል? አልኮል የለውም?» ብላ ጠየቀች። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ማንጎና አናናስ ነው። የማንጎ ሥዕል ያለበትን ተለጣፊ ይዘን ስንመለስ ግምቱ ቢቀንስም አልጠፋም። ወይን የሌለበትን መጠጥ ወይን ያለበት የሚያስመስል ስም ደግሞ ደንበኛን ከማሳዘን አልፎ በአሳሳችነት ሊያስጠይቅ ይችላል። ይህን መወደድ አይነግራችሁም፤ ስሙን ሁሉም ወድደውት ነበር።

እዚህ ላይ ሙያዬ የሚያስገድደኝን አንድ ነገር ልበል። ስሙ ውስጥ «ጭማቂ» ወይም «ጁስ» የሚል ቃል የምታስገቡ ከሆነ ውስጡ ያለውን መጠን እወቁ። ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ ውኃና ስኳር የተጨመረበትን መጠጥ ጭማቂ ሳይሆን ኔክታር ነው የሚለው፤ ለማንጎ ኔክታር ዝቅተኛው የፍራፍሬ መጠን 25 በመቶ ነው። እንዲህ ያለውን መጠጥ «ንጹሕ ጭማቂ» የሚል ስም መስጠት ማንኛውም ሙከራ የማያድነው ስሕተት ነው።

በይፋ ድምፅ ማሰባሰብን አጥብቄ የምቃወምበት ዋናው ምክንያት ግን ሕጉ ነው። በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የንግድ ምልክት ባለቤትነት የሚገኘው የምዝገባ ምስክር ወረቀት ሲሰጥ ነው፤ ስሙን መጀመሪያ በማሰብ ወይም በቴሌግራም በመለጠፍ አይደለም። አምስት ስሞችን በአደባባይ ስታወጡ ማንም ሰው ከእናንተ ቀድሞ ለአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማመልከት ይችላል። በንግድ መዝገብ የተመዘገበ የንግድ ስምም አያድናችሁም፤ የድርጅት ስም ሌላ ነው፤ ጠርሙሱ ላይ ያለው ምልክት ሌላ ነው። የፍራፍሬ ጭማቂ በዓለም አቀፉ የዕቃዎች ምደባ ክፍል 32 ነው፤ ጁስ ቤትም የምትከፍቱ ከሆነ አገልግሎቱ ክፍል 43 ነውና ሁለቱንም ለይታችሁ አመልክቱ። ምዝገባው የሚጸናው ለ7 ዓመት ሲሆን ይታደሳል። ፍለጋው ከሙከራው መቅደም አለበት፤ ከተያዘ ስም ጋር በድምፅ የሚቀራረብ ስም ላይ 15 ሰው ማድከም ትርጉም የለውም።

ወጣቶቹ በመጨረሻ የያዙት ድምፅ መስጫው ላይ ያልነበረ ስድስተኛ ስም ነው። ሱቁ ውስጥ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ሦስቴም ትክክለኛው ጠርሙስ ወረደ። ማመልከቻው ገና በመታየት ላይ ስለሆነ ስሙን እዚህ አልጽፈውም።